በጥቅስ ፈንታ አንድ የራስ ገጠመኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሂሳብ ሠራተኝነት በቆየሁባቸው ዓመታት ሰኞ ሰኞ ጠዋት ለሥራ ባልደረቦቼ የጋራ ቴሌግራም አንድ አነቃቂ ጥቅስ መላክ ልማዴ ነበር። ከላክኋቸው ሁሉ በብዛት የተመላለሰው «ትዕግሥት መራራ ናት፤ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው» የሚለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ስትወጣ በሚያሳይ ፎቶ ላይ ተጽፎ ይመጣል። አንድ ሰኞ ጥቅሱን ትቼ ያንኑ መልእክት የሚሸከም አንድ የራሴን ገጠመኝ ጻፍሁ። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ መሞከር የፈለጉ ሰዎች ያነሡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በዚያው በአንዱ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቼ ለመመለስ ሞክሬአለሁ።

በጥቅሱ ፈንታ የተጻፈው ምን ነበር?

ሙሉ ቃሉ የሚከተለው ነው፤

«ሰኔ 30 አልፎ የዓመቱን ሂሳብ ስንዘጋ ትሪያል ባላንሱ በ270 ብር አልገጥም አለኝ። አለቃዬ ‹ትንሽ ናት፤ ለጊዜው በተንጠልጣይ ሂሳብ ያዛት› አሉኝ። እኔ ግን ሦስት ማታ ቢሮ እያመሸሁ፣ ከሐምሌ ጀምሬ እያንዳንዱን ቫውቸር ከሌጀሩ ጋር አመሳከርሁ። በሁለተኛው ማታ፣ በኅዳር ወር፣ ለአንድ ዕቃ አቅራቢ 12,400 ብር ሁለት ጊዜ መከፈሉን አየሁ፤ በአንዱ ቫውቸር ላይ ዋናው ደረሰኝ፣ በሌላው ላይ የዚያው ደረሰኝ ፎቶ ኮፒ ተያይዟል። በሦስተኛው ማታ፣ በመጋቢት ገጽ ላይ፣ 1,850 መሆን የነበረበት 1,580 ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነበር። ጠዋት ወረቀቶቹን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ‹አንተ ስትፈልግ የነበረው 270 ብር አልነበረም እንዴ?› አሉኝ።»

ትዕግሥት የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም። መራራው ሦስቱ ማታ ነው፤ ፍሬው ደግሞ ሳይፈለግ የተገኘው 12,400 ብር ነው።

ጥቅሱ ምን ጥፋት አለበት? እውነት አይደለም እንዴ?

እውነት መሆኑን አልክድም፤ ችግሩ እውነትነቱ ምንም የማያስከፍል መሆኑ ነው። ጥቅሱን የሚያነብ ሰው ለመስማማት አንዳች ነገር ማሰብ አያስፈልገውም፤ ትዕግሥት ጥሩ እንደሆነ ከመላኬም በፊት ያውቃል። ምን ያህል መታገሥ እንዳለበት፣ የሚታገሠውን ከሚተወው በምን እንደሚለይ፣ ሲታገሥ እጁ ምን መሥራት እንዳለበት ግን ከጥቅሱ አያገኝም። ቤት ኪራይ የተጨመረበትም፣ የደረጃ እድገት የዘገየበትም፣ ከባለቤቱ ጋር የተጣላም ሰው በእኩል ዓይን የሚያነበው ዐረፍተ ነገር ለአንዳቸውም ተለይቶ የተነገረ አይደለም።

በገጠመኙ ውስጥ ግን ትዕግሥት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ይታያል። በዚያ ሁኔታ መታገሥ ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ አልነበረም፤ አንድ ቫውቸር አንሥቶ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ በሌጀሩ ላይ ያለውን ፈልጎ፣ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው መሄድ ነበር፤ ከዚያም ይህንኑ እንደገና ማድረግ። አንባቢው ሂሳብ ባይሠራ እንኳ ይህን ድርጊት ከራሱ ሥራ ጋር ማስተያየት ይችላል።

የተናጋሪው ታላቅነት ለጥቅሱ ክብደት አይሰጠውም?

ይሰጠው ነበር፣ ተናጋሪው በእርግጥ ተናግሮት ቢሆን። እኔ የላክሁት ጥቅስ በአንዱ ፎቶ ላይ የአርስቶትል፣ በሌላው ላይ የሩሶ ሆኖ ይዞራል፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ሁለት ሺህ ዓመት አለ። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 በበዓለ ሲመታቸው ላይ እንደተናገሩት ተደርጎ የሚላከው፣ ትልቁ ፍርሃታችን ብቁ አለመሆናችን አይደለም የሚለው ቃልም በዚያ ንግግር ውስጥ የለም፤ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የማሪያን ዊልያምሰን ነው። በራስ ገጠመኝ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ «ይህን ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ ፊቱ ተቀምጧል።

ተረትና ምሳሌዎቻችንስ? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለትም ሊቀር ነው?

አይደለም፤ ነገር ግን ምሳሌያዊ አነጋገር በአፍ ሲነገር እንዴት እንደሚሠራ ማስተዋል ይጠቅማል። ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞችን ሲያስታርቅ ተረቱን የሚያመጣው ነገሩ ከተዘረዘረ፣ ድንበሩ ከተነገረ፣ ማን ምን እንዳለ ከተሰማ በኋላ ነው። ጉዳዩ በመካከል ተቀምጧል፤ ተረቱ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። እናት ልጇን እንቁላሉ በእግሩ እንደሚሄድ የምትነግረው ልጁ ፊደል መቁጠር አቅቶት እያለቀሰ ፊቷ ቆሞ ነው። ሰኞ ጠዋት በስልክ ላይ ብቻውን የሚመጣው ተረት ግን የሚያርፍበት ጉዳይ የለውም፤ ጉዳዩን የሚያቀርበው አንባቢው ራሱ እንዲሆን ይጠበቃል፤ አንባቢው ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ስለዚህ ተረቱን ከወደዱት ጉዳዩን ይዘውለት ይምጡ። ጉዳዩ በደንብ ከተነገረ ግን ተረቱ ብዙ ጊዜ ትርፍ ሆኖ ይገኛል።

ተስማሚውን ገጠመኝ እንዴት አገኛለሁ? ሕይወቴ ተራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥቅሱን የሚያህል ትልቅ ታሪክ ሲፈልግ ነው። ትዕግሥት ሲባል በሽታ፣ ስደት፣ የብዙ ዓመት ጥበቃ ያስባል፤ እንዲህ ያለው ታሪክ ከሌለው «የሚነገር የለኝም» ብሎ ወደ ጥቅሱ ይመለሳል። እኔ የሄድሁበት መንገድ ጥቅሱን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነበር። «ትዕግሥት መራራ ናት» የሚለውን «ትቼው መሄድ እየቻልሁ፣ ተው እየተባልሁ፣ ያልተውሁት ነገር መቼ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። «ፍሬዋ ጣፋጭ» የሚለውን ደግሞ «ካልተውሁት በኋላ በእጄ የገባ፣ ሰው ሊያየው የሚችል ነገር ምን ነበር?» ብዬ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ አራት ነገር ትዝ አለኝ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሁለት ጊዜ መውደቄ፣ የማታ ትምህርቴ፣ አንድ የቤት ጣሪያ ማፍሰስ፣ እና ይህ የ270 ብር ጉዳይ። ሁለተኛው ጥያቄ ሦስቱን ጣላቸው። መንጃ ፈቃዱን ያገኘሁት ታግሼ ሳይሆን ሌላ አሠልጣኝ ቀይሬ ነው፤ የማታ ትምህርቱ አምስት ዓመት ስለፈጀ በአጭር ጽሑፍ አይነገርም፤ ጣሪያው እስከ ዛሬ ያፈሳል። የቀረው ትንሹ ነው፤ ትንሽ በመሆኑም መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው በሦስት ማታ ውስጥ ተጠቃሏል።

የመጀመሪያው ረቂቅም እንዲህ ነበር?

አልነበረም። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር፤

«በሥራ ሕይወቴ ብዙ ፈተናዎችን አሳልፌአለሁ። በአንድ ወቅት ከፍተኛ የሥራ ጫና ገጥሞኝ፣ ተስፋ ሳልቆርጥ በትዕግሥት በመታገል በመጨረሻ ያልጠበቅሁትን ውጤት ለማግኘት በቅቻለሁ። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ መታገሥ መልካም ነው።»

ይህን ስጽፍ ከጥቅስ የተላቀቅሁ መስሎኝ ነበር፤ በእርግጥ ግን የረዘመ ጥቅስ ነው የጻፍሁት። «እኔ» የሚለው ተውላጠ ስም ስላለበት ብቻ ገጠመኝ አይሆንም። ረቂቁን የፈተንሁት ለአንድ የመጋዘን ባልደረባዬ በቃል በመንገር ነው። «ጫናው ምን ነበር?» አለኝ፤ ሂሳብ አለመግጠም አልሁት። «በስንት?» አለኝ፤ በ270 ብር። ሳቀ፤ «ለ270 ብር ነው ሦስት ማታ ያመሸኸው?» አለኝ። እርሱ በሳቀበት ቦታ ታሪኩ እንደሚጀምር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ከፍተኛ የሥራ ጫና» ያልሁት 270 ብር ሆነ፤ «በትዕግሥት በመታገል» ያልሁት ሦስት ማታና የቫውቸር ክምር ሆነ፤ «ያልጠበቅሁት ውጤት» ደግሞ 12,400 ብር። የመጨረሻውን ምክር አወጣሁት፤ በቦታውም አለቃዬ ያሉት ገባ።

ከዚህ የተማርሁት መፈተኛ ቀላል ነው። ጽሑፉን ለአንድ ሰው በቃል ይንገሩት። «ምን?»፣ «ስንት?»፣ «የት?» ብሎ ካቋረጠዎት መልሱ በጽሑፉ ውስጥ መኖር የነበረበት ነው። ሳያቋርጥ ራሱን እየነቀነቀ ከሰማ ደግሞ ገና ጥቅስ እየነገሩት ነው።

ሂሳብ የማያውቅ አንባቢ «ትሪያል ባላንስ» ቢለው ምን ይረዳል?

ዴቢትና ክሬዲት እኩል መምጣት እንዳለባቸው ባያውቅም «በ270 ብር አልገጥም አለኝ» የሚለው ይገባዋል፤ ለታሪኩ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። የሙያ ቃል ድርጊቱን ካልጋረደ ይቆይ፤ ሰውዬው በእርግጥ ያንን ሥራ እንደሠራ ይመሰክራል። እኔ ያስወጣሁት አንድ ማብራሪያ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ልናገረው። ሁለት ጊዜ የተከፈለው 12,400 ብር በትሪያል ባላንሱ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ክፍያው ሁለቴ ሲመዘገብ ዴቢቱም ክሬዲቱም ሁለቴ በእኩል ስለሚጻፍ ሚዛኑ ይገጥማል። የሚታየው ወረቀት በወረቀት ለሚያመሳክር ሰው ብቻ ነው። ይህ ዕውቀት ለሂሳብ ሠራተኛ ታሪኩን ያጣፍጥለታል፤ ለሌላው ግን የታሪኩን እርምጃ ይገታል።

በመጨረሻ ላይ ጥቅሱን ብደግመው ምን አለበት? አንባቢው መልእክቱን ቢስተውስ?

ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ሰሙን ተናግሮ ሲያበቃ «ወርቁ ይህ ነው» ብሎ አይጨምርም፤ ከጨመረ ሰሚውን ንቆታል። የአለቃዬ ጥያቄ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንባቢው ለጥያቄው ራሱ መልስ ሲሰጥ መልእክቱን የራሱ ያደርገዋል። አንዳንዱ ሌላ መልእክት ያገኝበታል፤ አንዲት ባልደረባዬ ታሪኩ ስለ ትዕግሥት ሳይሆን በፎቶ ኮፒ ክፍያ ስላለመፈጸም ነው ብላ ተከራክራኛለች። ስሕተት ነው ልላት አልቻልሁም።

ገጠመኜ ጥቅሱን በሙሉ ባይደግፈውስ?

ብዙውን ጊዜ አይደግፈውም፤ ከጥቅስ ወደ ገጠመኝ መሻገርም ዋናው ትርፉ ይህ ይመስለኛል። የእኔው ራሱ አይደግፈውም ነበር ማለት ይቻላል። ጽሑፉን ከላክሁ በኋላ አንድ አንጋፋ የሂሳብ ባለሙያ ደውለው «270ን ለ9 አላካፈልኸውም?» አሉኝ። የሙያው የቆየ ዘዴ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። 270 ለ9 ሲካፈል 30 ነው፤ ይህም የተለዋወጡት የመቶና የዐሥር ቤት አኃዞች እንደሆኑና በመካከላቸው የ3 ልዩነት እንዳለ ይጠቁማል፤ 8 እና 5 ማለት ነው። ዘዴው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ 300 ብር በስሕተት 30 ተብሎ ቢጻፍም ልዩነቱ ያው 270 ነው። ቢሆንም ፍለጋውን ከሦስት ማታ ወደ አንድ ከሰዓት በኋላ ባወረደልኝ ነበር።

እንግዲህ ትዕግሥቴ ከፊሉ ያለማወቅ ዋጋ ነበር ማለት ነው። ይህን ስሰማ ጽሑፉን ላጠፋው አሰብሁ። ቆይቼ ግን ሌላኛውን ጎን አየሁት፤ ዘዴውን ባውቅ ኖሮ 1,580ውን በአንድ ከሰዓት አግኝቼ ቫውቸሮቹን እዘጋቸው ነበር፣ የኅዳሩም ድርብ ክፍያ ተደብቆ በቀረ። ጥቅሱ ይህን አያውቅም። ጥቅሱ ትዕግሥት ሁልጊዜ ጣፋጭ ፍሬ አለው ይላል፤ ገጠመኙ የሚለው አንድ ነገር በሙሉ ሲመረመር ያልተፈለገውም ይገኛል ነው። ሁለተኛው ጠበብ ያለ ነው፤ እኔ ግን በስሜ ልቆምለት የምችለው እርሱን ነው። ገጠመኝዎ ከጥቅሱ ጋር ካልገጠመ ገጠመኙን አይከርክሙት፤ የጠበበውን መልእክት ይዘው ይሂዱ። ፍጹም የሚቃረን ከሆነ ደግሞ ያንን ጥቅስ ከዚያ ወዲያ አለመላክ ነው።

ስለ ራስ መጻፍ ጉራ አይሆንም?

ይሆናል፣ ጸሐፊው በታሪኩ ውስጥ አንድም ስሕተት ካልሠራ። «የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነበር» የሚለውን አጭር ዐረፍተ ነገር ላስወጣው ሁለት ጊዜ ፈልጌ ነበር፤ እንዲቆይ ያደረገው ባልደረባዬ ነው። ከዚያ ዐረፍተ ነገር በፊት ታሪኩ የአንድ ትጉህ ሠራተኛ ታሪክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የራሱን ጥፋት ሦስት ማታ ሲፈልግ የከረመ ሰው ታሪክ ይሆናል። አንባቢ ሁለተኛውን ሰው ይቀርበዋል። ስሕተትን ለማሳመር መፍጠር ግን አይገባም፤ የሚያውቅዎ ሰው ወዲያው ይለየዋል።

በታሪኩ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሰዎችና የመሥሪያ ቤት ምሥጢርስ?

የመሥሪያ ቤቱን፣ የአቅራቢውንና የሰዎቹን ስም አልጻፍሁም፤ ዓመቱንም ትቼዋለሁ። ታሪኩን የጻፍሁት ከዚያ መሥሪያ ቤት ከለቀቅሁ በኋላ ነው፤ አለቃዬንም አስቀድሜ አስነብቤአቸው ፈቅደዋል። እርሳቸው አንድ ነገር ብቻ እንዲስተካከል ጠየቁ፤ በረቂቁ ላይ «ተዋት» አሉኝ ብዬ ነበር፣ «ለጊዜው ያዛት ነው ያልሁት» አሉ። ልክ ናቸው። በተንጠልጣይ ሂሳብ መያዝ መተው አይደለም፤ ወደፊት እንዲጣራ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ሰው በታሪክ ውስጥ ሲገባ ያልተናገረውን ማናገር አይገባም፤ በተለይም ታሪኩ ለጸሐፊው የሚያደላ ሲሆን።

ስምን መተው እንጂ ነገሩን መለወጥ አልመክርም። ልዩነቱን ከ270 ወደ 2,700 ከፍ ባደርገው ታሪኩ የሚበረታ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ለ2,700 ብር ማምሸት ማንንም አያስቅም፣ ባልደረባዬም አይስቅም ነበር።

ርዝመቱ ምን ያህል ይሁን?

በቴሌግራም ከፎቶ ሥር የሚገባ ጽሑፍ ለተራ ተጠቃሚ እስከ 1,024 ፊደል ነው፤ የእኔው ከዚያ በታች ነው፣ ከዚያ ካለፈ ያለ ፎቶ መላክ ይሻላል። በኤክስ ላይ ግን ነገሩ ይጠብባል፤ ነፃው ገደብ 280 ቢሆንም የእኛ ፊደል እያንዳንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር ለአማርኛ 140 ገደማ ነው የሚደርሰን። በዚያ ልክ አንድ ገጠመኝ መጀመሪያና መጨረሻ ይዞ አይገባም፤ ከፋፍሎ ማስከተል ነው ያለው። የፀሐይ መውጫውን ፎቶ በተመለከተ፣ እኔ ምንም ፎቶ አልጨመርሁም።

ጽሑፉ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በምላሹ ዓይነት ነው። ለጥቅሱ የሚመጣው «ትክክል»፣ «አሜን» እና የአውራ ጣት ምልክት ነበር፤ ላኪውን ከማመስገን የዘለለ አይደለም። ለገጠመኙ የመጡት ጥቂት ነበሩ፤ በአብዛኛውም ጥያቄና የሌሎች ሰዎች የራሳቸው ታሪክ ነበሩ። አንዱ የባንክ ገንዘብ ያዥ የነበረ ሰው የጎደለበትን ብር ፍለጋ የቆሻሻ ቅርጫት የገለበጠበትን ማታ ጻፈልን።

ገንዘቡ ተመለሰ ወይ?

ከሁሉም በላይ የተጠየቅሁት ይህ ነው። ተመልሷል፤ አቅራቢው የራሱን መዝገብ አይቶ አመነ፣ 12,400 ብሩም ከቀጣዩ ግዢ ላይ ተቀናሽ ሆነ። በጽሑፉ ውስጥ ያልጨመርሁት፣ ከአለቃዬ ጥያቄ በኋላ ይህ ቢመጣ አንባቢው ጥያቄውን ረስቶ ብሩን ይቆጥራል ብዬ ነው።